ከከሸፉት ይልቅ የተሳካው

ሠራተኞች ከቤታቸው ሆነው ወደ መሥሪያ ቤታቸው ኔትወርክ የሚገቡት በቪፒኤን ነው። በዚህ በር ላይ የከሸፉ ሙከራዎች ከቀን ቀን አይጠፉም። የደኅንነት ባለሙያን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ግን ከብዙ ክሽፈት በኋላ አንዱ ሲሳካ ነው፤ በተለይ ሠራተኛ ከሌለበት አገር ከሆነ።

አዲስ አበባ ባለ አንድ ድርጅት መዝገብ ላይ ከ00:10 እስከ 00:22 ድረስ 38 ሙከራዎች ከሽፈዋል እንበል። በ00:23 ላይ የአንዲት የሂሳብ ሠራተኛ አካውንት ከብራዚል ገባ።

መጀመሪያ የሚጠየቀው 38ቱ ሙከራዎች በስንት ሰው ስም እንደተደረጉ ነው። ሁሉም በሠራተኛዋ ስም ከሆኑ፣ መንገድ ላይ ሆና የይለፍ ቃሏ ጠፍቶባት ሊሆን ይችላል። በ38 የተለያዩ ስሞች ከሆኑ ግን አንድ ሰው የተለመደ የይለፍ ቃል ይዞ የሠራተኞቹን ዝርዝር በተራ እየሞከረ ነው። እያንዳንዱ ስም የሚሞከረው አንዴ ብቻ ስለሆነ፣ ከተደጋጋሚ ስህተት በኋላ አካውንት የሚቆልፈው መከላከያ አይሠራም። በሠራተኛዋ አካውንት ላይም አንድም ክሽፈት አይገኝም፤ የእሷን ታሪክ ብቻ ያየ ባለሙያ ደህና ነው ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ ፍለጋው ከስሟ ሳይሆን ከአይፒ አድራሻው ይጀምር።

አገሩ ጥርጣሬ ያጭራል እንጂ ማስረጃ አይሆንም። በስልኳ ላይ ሌላ ቪፒኤን ከፍታ ከሆነ አዲስ አበባ ተቀምጣም ከብራዚል የገባች ትመስላለች። አጥቂውም በተራው የኢትዮጵያ አድራሻ ሊከራይ ይችላል።

ቀጥሎ የሚታየው በስልክ የሚመጣው ሁለተኛ ማረጋገጫ ተጠይቆ እንደሆነ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የአሜሪካውን ኮሎኒያል ፓይፕላይን የነዳጅ መስመር ለቀናት ያዘጋው ጥቃት የጀመረው፣ የይለፍ ቃል ብቻ በሚጠይቅ አሮጌ የቪፒኤን አካውንት ነበር።

ከዚያ ሠራተኛዋ ትጠየቅ፤ ኢሜይሏን አጥቂው እያነበበ ሊሆን ስለሚችል፣ ቀድሞ በተመዘገበ ስልኳ ትደወልላት። እዚህ ላይ ሰዓቱ ያሳስታል። መዝገቡ በዓለም አቀፉ ሰዓት የተጻፈ ከሆነ 00:23 በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9:23 ነው። ጠያቂው ይህን ካላስተካከለ፣ እሷ ያልገባችበትን ሰዓት ገብቻለሁ ልትል ትችላለች።

እኔ አይደለሁም ካለች፣ ወይም ስልኳ ካልተነሳና 38ቱ ስሞች ከተለያዩ፣ አካውንቱ ይታገድ፤ የተከፈተው ግንኙነትም ወዲያው ይቋረጥ። የይለፍ ቃል መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ በብዙ ሥርዓቶች አስቀድሞ የገባው ሰው እንደገባ ይቆያል። ከዚያ በኋላ የትኞቹን ሰርቨሮች እንደነካ፣ በአካውንቱ ላይ አዲስ የማረጋገጫ ስልክ እንዳስመዘገበና በዚያው አድራሻ ሌላ ሰው ስም እንደገባ ይመርመር።

አንባቢ ሆይ፣ ከመሥሪያ ቤትዎ ሌሊት ተደውሎ ከተጠየቁ ያልጠበቁትን ማረጋገጫ ተጭነው እንደሆነ እውነቱን ይንገሩ። የይለፍ ቃልዎን ግን ለደዋዩ አይስጡ፤ እውነተኛው ባለሙያ አይጠይቅዎትም።