ፓስታው አንድ፣ ፕሮቲኑ ሁለት

ቨርጂኒያ ያለች እህትና ፍራንክፈርት ያለች እህቷ ከአንድ ፋብሪካ፣ ከአንድ ዱቄት የወጣ ደረቅ ፓስታ ገዙ እንበል። የአሜሪካው ፓኬት ጀርባ «በ56 ግራም 7 ግራም ፕሮቲን» ይላል፤ የጀርመኑ ደግሞ «በ100 ግራም 14 ግራም»። የቨርጂኒያዋ 7ን ለ56 አካፍላ በ100 ብታባዛ የሚመጣላት 12.5 ነው። አንድ ግራም ተኩል ጎደለ። የዋሸ ግን የለም።

ነገሩን ለመረዳት ከላቦራቶሪው መጀመር ይሻላል። ላቦራቶሪ በተለምዶ ፕሮቲኑን ራሱን አይለካም፤ የሚለካው ናይትሮጅንን ነው። ዴንማርካዊው ዮሃን ኬልዳል በ1883 በኮፐንሃገን፣ በካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ባወጣው ዘዴ ምግቡ በኃይለኛ ሰልፈሪክ አሲድ ይቀቀላል፤ ናይትሮጅኑ ወደ አሞኒያ ተለውጦ ይለካል። ዛሬ ብዙ ቦታ ናሙናውን አቃጥሎ የሚወጣውን ጋዝ መለካት ይቀላል። በሁለቱም መንገድ እጅ ላይ የሚቀረው የናይትሮጅን ቁጥር ስለሆነ ወደ ፕሮቲን ለመቀየር በሆነ ነገር መባዛት አለበት። ፕሮቲን በአማካይ 16 በመቶው ናይትሮጅን ነው ስለተባለ ማባዣው 6.25 ሆነ። የስንዴ ፕሮቲን ግን ናይትሮጅኑ ከፍ ይላል፤ 17.5 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ ለስንዴ ትክክለኛው ማባዣ 5.7 ነው።

የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ለመለያ ጽሑፍ ሲባል ምግቡ ስንዴም ሆነ ዓሣ 6.25 ይላል። የአሜሪካው ደንብም መነሻው 6.25 ነው፤ ሆኖም ለአንድ ምግብ የተደነገገው የምርመራ ዘዴ ሌላ ማባዣ ካዘዘ እሱን ተከተሉ ይላል።

አሁን ፓስታችን በ100 ግራም ውስጥ 2.24 ግራም ናይትሮጅን አለው እንበል። በ6.25 ሲባዛ 14 ይሆናል፤ የፍራንክፈርቱ ቁጥር ይኸው ነው። በ5.7 ሲባዛ ግን 12.77 ነው፤ በ56 ግራም ፓስታ 7.15 ይወጣል። የአሜሪካ ደንብ ፕሮቲን በሙሉ ግራም ይጻፍ ስለሚል 7 ይሆናል። ከጎደለው አንድ ግራም ተኩል ውስጥ አብዛኛውን ማባዣው ወሰደ፤ የቀረውን፣ ሩብ ግራም ያህሉን፣ ማጠጋጋቱ።

ማጠጋጋት እንዲህ ትንሽ የሚመስለው መጠኑ ተለቅ ሲል ነው። መለያው ላይ 7 ማለት ከ6.5 እስከ 7.5 ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ያለው ሁሉ ነው፤ ስለዚህ ስምንት ሰርቪንግ ያለው ፓኬት ከ52 እስከ 60 ግራም ገደማ ሊይዝ ይችላል። የከፋው መጠኑ ሲያንስ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከግማሽ ግራም በታች ያለ ፕሮቲን ዜሮ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ለቡና የሚሆን ወፍራም ክሬም አንድ የሾርባ ማንኪያ 0.4 ግራም ገደማ ፕሮቲን ስላለው ብዙ ጊዜ የሚነበበው 0 ነው። ግማሽ ሊትር የማይሞላው ካርቶን ግን ሠላሳ አንድ ያህል ማንኪያ ይቀዳል፤ 12 ግራም ገደማ ፕሮቲን! ሐኪም ፕሮቲን ቀንስ ላለው የኩላሊት ሕመምተኛ ይህ ቀልድ አይደለም። አውሮፓ ቁጥሩን በ100 ግራም ወይም በ100 ሚሊ ሊትር እንዲጻፍ ማስገደዱ በዚህ በኩል የተሻለ ይመስለኛል።

ከዚህ በላይ ደግሞ የሚፈቀድ ልዩነት አለ። ስንዴ እንደ ዘሩ፣ እንደ ዝናቡና እንደ ማዳበሪያው ፕሮቲኑ ይለያያል፤ ማሸጊያው ግን ቀድሞ የሚታተም ነው። ብዙ አምራችም እያንዳንዱን ምርት አያስመረምርም፤ ከንጥረ ነገር ሰንጠረዥ አስልቶ ይጽፋል። የአሜሪካ ተቆጣጣሪ ሲመረምር ከ12 የተለያዩ ካርቶኖች አንዳንድ ፓኬት አውጥቶ አንድ ላይ ያስለካል። በምግቡ በተፈጥሮ ያለ ፕሮቲን ከተጻፈው 80 በመቶ ካነሰ ጥፋት ነው። ስለዚህ 7 የተባለው ፓስታ እስከ 5.6 ቢወርድ ሕጉ ዝም ይላል። ፕሮቲን ከውጭ የተጨመረበት ምግብ ከሆነ ግን የተጻፈው በሙሉ መገኘት አለበት። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2012 ያወጣው መመሪያ በ100 ግራም ከ10 እስከ 40 ግራም ፕሮቲን ላለው ምግብ ወደ ላይም ወደ ታችም 20 በመቶ ይፈቅዳል፤ ለ14 ማለት ከ11.2 እስከ 16.8።

ስለዚህ በአንድ ሁለት ግራም ልዩነት አምራቹን መጠርጠር አያስኬድም። ልዩነቱ ከእጥፍ በላይ ከሆነ ግን መጀመሪያ የሚታየው ድስቱ ነው። የፓኬቱ ቁጥር ለደረቅ ፓስታ ነው፤ የተቀቀለው ውኃ ስለሚጠጣ 100 ግራሙ ከ6 ግራም የማይበልጥ ፕሮቲን ነው ያለው። የበሰለውን መዝኖ በደረቁ ቁጥር ያሰላ ሰው ሁለት እጥፍ ፕሮቲን በላሁ ብሎ ይመዘግባል።