«ወርክድ» ወይስ «ሃቭ ወርክድ»? አዲስ ተመራቂ የሥራ ልምዱን በእንግሊዝኛ ሲጽፍ

በቅርቡ የተመረቀ ወጣት በእንግሊዝኛ የሚጽፈው የሥራ ማመልከቻ ደብዳቤ ከአንድ ገጽ አያልፍም። መግቢያው የተፈለገውን የሥራ መደብና ማስታወቂያው የታየበትን ቦታ ይናገራል፤ መዝጊያው ለቃለ መጠይቅ ዝግጁ መሆኑን ይገልጻል። ከሁለቱ መካከል አራት አምስት ዓረፍተ ነገር ይቀራል። ቀጣሪው አመልካቹ ምን እንደሠራና አሁን የት እንዳለ የሚረዳው ከእነዚህ ብቻ ነው። የአሥር ዓመት ልምድ ያለው ሰው አንድ ግስ ቢሳሳት የቀረው ታሪኩ ይሸፍንለታል። አዲስ ተመራቂ ግን የሚሸፍንለት ስለሌለው፣ የግሱ ጊዜ ሲሳሳት የሕይወት ታሪኩም አብሮ ይዛባል።

እንግሊዝኛ ላለፈ ሥራ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው «ሲምፕል ፓስት» የሚባለው ነው፤ «አይ ወርክድ» ይላል። ሥራው ያለቀና ጊዜው የተዘጋ መሆኑን ይነግረናል። ሁለተኛው «ፕረዘንት ፐርፌክት» ነው፤ «አይ ሃቭ ወርክድ» ይላል። ሥራው ቀደም ብሎ ቢጀመርም ወይም ቢፈጸምም፣ እስከ ዛሬ የሚዘልቅ ነገር እንዳለው ያሳያል። የሚዘልቀው ሥራው ራሱ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከሥራው የተገኘው ችሎታ።

ይህን ልዩነት ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረነዋል፤ ደብዳቤ ላይ የሚያስቸግረን አማርኛ በሌላ መስመር ስለሚከፍለው ነው። በአማርኛ «በ2015 እዚያ ሳይት ላይ ሠርቻለሁ» ብንል ማንም አያርመንም፤ «ሠርቻለሁ» ከተቆረጠ ዓመት ጋር ተስማምቶ ይሄዳል። በእንግሊዝኛ ግን «ሃቭ» ያለበት ግስ ከተቆረጠ ያለፈ ጊዜ ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር አይገባም። በተቃራኒው፣ ዛሬም ያልቆመውን ሥራ አማርኛ «ከጥቅምት ጀምሮ እየሠራሁ ነው» ብሎ በአሁን ጊዜ ይናገረዋል፤ እንግሊዝኛ ደግሞ እዚህ ላይ «ሃቭ» ይፈልጋል። ስለዚህ በአማርኛ አስቦ በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው «ሃቭ» የማይገባበት ቦታ ያስገባዋል፣ የሚገባበት ቦታ ደግሞ ይተወዋል።

አንድ ምሳሌ ወስደን እንየው። አመልካቿ በሲቪል ምህንድስና የተመረቀች ወጣት ናት እንበል። ከየካቲት እስከ ሰኔ 2015 ዓ.ም. በአንድ የሕንፃ ሳይት ላይ ኢንተርንሺፕ ወጥታለች። ሐምሌ 2016 ተመረቀች። ከጥቅምት 2017 ጀምሮ በአንድ ሥራ ተቋራጭ ዘንድ በጀማሪ ሳይት መሐንዲስነት ትሠራለች። አሁን ግንቦት 2017 ነው፤ ለሌላ ድርጅት የምታመለክትበትን ደብዳቤ ጽፋለች። የልምዷ ክፍል እንዲህ ይላል፦

«አይ ሃቭ ግራጁዌትድ ኢን 2016። አይ ሃቭ ወርክድ ኦን ኤ ቢልዲንግ ሳይት ፎር ፋይቭ መንዝስ። አይ አም ወርኪንግ ፎር ኤ ኮንትራክተር ሲንስ 2017።»

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሁለት ስሕተት ተሸክሟል። ምረቃው በአንድ ወር ውስጥ የተፈጸመ፣ ቀን የተቆረጠለት ጉዳይ ስለሆነ «አይ ግራጁዌትድ» መባል ነበረበት። ከግሱ ይበልጥ የሚጎዳው ግን ዓመቱ ነው። የእንግሊዝኛ ደብዳቤ የሚያነብ ሰው፣ በተለይ በውጭ ድርጅት ውስጥ ያለ፣ 2016ን በፈረንጅ አቆጣጠር ያነበዋል። አምና የተመረቀችው ልጅ ከተመረቀች ዘጠኝ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ቀጣሪውም «እስከ ዛሬ የት ነበረች?» ማለቱ አይቀርም። በእኛ አቆጣጠር ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባለው ቀን ላይ ሰባት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ባለው ላይ ስምንት ዓመት መጨመር ያስፈልጋል። ሐምሌ 2016 ጁላይ 2024 ይሆናል፤ ጥቅምት 2017 ግን ኦክቶበር 2024 ነው። በሁሉም ላይ ስምንት የሚደምር ሰው ሥራ የጀመረበትን ጊዜ ገና ወዳልደረሰ ወር ይወስደዋል።

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር በሰዋስው ሕግ ስሕተት የለበትም፤ አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው። «ሃቭ ወርክድ» ከ«ፎር ፋይቭ መንዝስ» ጋር ሲገናኝ አንባቢው የሚረዳው አምስት ወር እንደሞላትና ዛሬም እዚያው እንዳለች ነው። የልጅቷ ኢንተርንሺፕ ግን ካለቀ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። «አይ ወርክድ» ብትል ኖሮ በዚያው «ፎር ፋይቭ መንዝስ» ጊዜው ተዘግቶ ይነበብ ነበር። ቀጣሪው ሲቪውን ሲገልጥ ኢንተርንሺፑ በጁን 2023 ማብቃቱን ያያል፤ ደብዳቤው ደግሞ ያላበቃ ያስመስለዋል። ልጅቷ የተናገረችው ውሸት የለም፤ ሁለቱ ወረቀቶች ግን እርስ በርስ አይስማሙም። እንዲህ ያለ ልዩነት የሚያይ ሰው ሰዋስው ስለመሳሳቷ ሳይሆን ስለ ታማኝነቷ ነው የሚጠራጠረው።

ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር የመጀመሪያው ግልባጭ ነው። ሥራው ዛሬም አለ፤ «ሲንስ» ደግሞ የተጀመረበትን ጊዜ ከዛሬ ጋር ያገናኛል። እንግሊዝኛ እዚህ ቦታ «አይ አም ወርኪንግ» አይልም፤ «አይ ሃቭ ወርክድ» ወይም «አይ ሃቭ ቢን ወርኪንግ» ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። በደብዳቤ ላይ ማስታወስ የሚገባው ሌላው ነገር «ሲንስ» መነሻውን፣ «ፎር» ደግሞ ርዝመቱን እንደሚፈልግ ነው፦ «ሲንስ ኦክቶበር 2024»፣ «ፎር ሰቨን መንዝስ»።

ሦስቱን ማረም ደብዳቤውን ከስሕተት ያወጣዋል፤ ገና ጥሩ ደብዳቤ ግን አያደርገውም። ብዙ አመልካቾች «ሃቭ» ከበድ ያለና የተማረ ሰው አነጋገር ስለሚመስላቸው ሁሉንም ነገር በእሱ ይጽፋሉ፦ በሕንፃ ሥራ ልምድ አግኝቻለሁ፣ አውቶካድ ተጠቅሜያለሁ፣ ከባለሙያዎች ጋር ሠርቻለሁ። እንዲህ ያሉ ዓረፍተ ነገሮች ቀን ስለማይጠሩ በሰዋስው ትክክል ናቸው፤ ችሎታው ዛሬም ከአመልካቹ ጋር እንዳለ ስለሚናገሩም ለደብዳቤ ይስማማሉ። ጉድለታቸው የት፣ መቼና ምን ያህል እንደሆነ አለመናገራቸው ነው። ሦስትና አራት ሆነው ሲደረደሩ ከማንኛውም ተመራቂ ደብዳቤ ላይ ተገልብጠው የመጡ ይመስላሉ።

ያለፈው ጊዜ ዓረፍተ ነገር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። «ሃቭ» ያለበት ዓረፍተ ነገር ችሎታውን ያስተዋውቃል፤ ቀጥሎ የሚመጣው «ሲምፕል ፓስት» ያ ችሎታ የታየበትን አንድ ሥራ ይጠራል። ቀጣሪው የሚያምነው ሁለተኛውን ነው፤ ምክንያቱም ቦታና ወር የተጠራለት ሥራ ሊጠየቅና ሊረጋገጥ ይችላል። ከአዲስ ተመራቂ ትልቅ ሥራ አይጠበቅም። ፌሮ ታስሮ ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ዲያሜትሩን፣ በብረቶቹ መካከል ያለውን ርቀትና ከፎርሙ እስከ ብረቱ የሚቀረውን ክፍተት በፕላኑ ላይ ካለው ጋር ማመሳከር የሳይት ጀማሪ የዕለት ሥራ ነው። በደብዳቤ ላይ በስሙ ሲጠራ ግን «ልምድ አግኝቻለሁ» ከማለት ብዙ እጥፍ ይናገራል።

የልጅቷ ክፍል በዚህ መንገድ ሲጻፍ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«አይ ግራጁዌትድ ኢን ሲቪል ኢንጂነሪንግ ኢን ጁላይ 2024። ሲንስ ኦክቶበር 2024፣ አይ ሃቭ ወርክድ አዝ ኤ ጁኒየር ሳይት ኢንጂነር ፎር ኤ ቢልዲንግ ኮንትራክተር። ኢን ማርች 2025፣ አይ ፕሪፔርድ ዘ ቴክ ኦፍ ሺትስ ፎር ዘ ሰከንድ ፍሎር ኦፍ ኤ ጂ+4 ቢልዲንግ። ዱሪንግ ማይ ኢንተርንሺፕ፣ ፍሮም ፌብሩዋሪ ቱ ጁን 2023፣ አይ ቼክድ ዘ ሪኢንፎርስመንት ቢፎር ኢች ኮንክሪት ፖር።»

ከአራቱ ዓረፍተ ነገሮች «ሃቭ» ያለው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ዛሬ ያልቆመውን ሥራ የሚናገረው ነው። ምረቃው፣ የመጋቢት ወሩ የልኬት ሥራና ኢንተርንሺፑ ወራቸው ተጠርቶ ተዘግተዋል። ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር ልብ ይሏል። ልጅቷ ዛሬም እዚያው መሥሪያ ቤት ናት፤ ያ ቴክ ኦፍ ሺት ግን በመጋቢት ተጠናቋል፤ ስለዚህ ግሱ ያለፈ ጊዜ ነው። ሥራ ላይ መሆን በዚያ ሥራ ውስጥ የተፈጸመውን ሁሉ «ሃቭ» አያደርገውም። ወሩን ባትጠራና እስካሁን ያደረገችውን ብትደምር ግን «ሶ ፋር፣ አይ ሃቭ ፕሪፔርድ…» ብላ መቀጠል ትችላለች።

ደብዳቤ ጽፎ የጨረሰ ሰው ከመላኩ በፊት ይህን በእርሳስ ሊፈትሸው ይችላል። በመጀመሪያ ጊዜ የሚናገሩትን ቃላት ሁሉ ያክብብ። «ኢን 2023»፣ «ላስት ይር»፣ «ዱሪንግ ማይ ኢንተርንሺፕ» ካለቀ ጊዜ የሚነሡ ስለሆኑ በአጠገባቸው «ሃቭ» ካለ ይውጣ። «ሲንስ» እና «ሶ ፋር» እስከ ዛሬ ስለሚደርሱ በአጠገባቸው «ሃቭ» ከሌለ ይግባ። «ፎር» ብቻውን አይፈርድም፤ እሱን ሲያገኝ «እዚያ ሥራ ላይ ዛሬም አለሁ?» ብሎ ይጠይቅ። ካለ «ሃቭ» ይጻፍ፤ ከሌለ ይቅር። በአሜሪካና በእንግሊዝ አነጋገር መካከል በዚህ ነገር ላይ ትንሽ ልዩነት አለ፤ አሜሪካውያን «አይ ኦልሬዲ ፊኒሽድ» ሲሉ ይሰማል። ከተጠራ ያለፈ ዓመት ጋር «ሃቭ» አለመግባቱ ግን በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው።

ቀጥሎ ከ«ሃቭ» በኋላ የመጣውን ቃል ይመልከት። መደበኛ ግሶች መልካቸውን ስለማይለውጡ አያስቸግሩም፤ «ወርክድ» በሁለቱም ቦታ «ወርክድ» ነው። ሌሎቹ ግን ይለያሉ፦ «አይ ሮት» ሆኖ «አይ ሃቭ ሪትን»፣ «አይ ቱክ» ሆኖ «አይ ሃቭ ቴክን»፣ «አይ ዲድ» ሆኖ «አይ ሃቭ ደን» ነው። «አይ ሃቭ ዲድ» የሚል ደብዳቤ የሚያነብ ሰው ሌላውን ዓረፍተ ነገርም በጥርጣሬ ነው የሚጨርሰው።

በመጨረሻም ደብዳቤውን ከሲቪው ጎን አድርጎ ወር በወር ያመሳክር። በሲቪው የማብቂያ ወር ያለው ሥራ ሁሉ በደብዳቤው ላይ በተዘጋ ግስ መጻፍ አለበት፤ «እስከ አሁን» የሚል ሥራ ብቻ በ«ሃቭ» ይነገራል።

ቃለ መጠይቁ የሚነሣውም ከዚሁ ነው። ጠያቂው «ልምድ አግኝቻለሁ» የሚለውን አልፎ ወደ ተዘጉት ዓረፍተ ነገሮች ይሄዳል፦ ቴክ ኦፉን ስትሠሪ የሰሌዳውን ኮንክሪት እንዴት ለካሽ? የፌሮው ርቀት ከፕላኑ ጋር ባይስማማ ለማን ትነግሪያለሽ? በ«ሲምፕል ፓስት» የጻፈችው እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አንድ ጥያቄ ይጠራል፤ ልጅቷም መልሱን በአፏ ልታስረዳው የማትችለው ዓረፍተ ነገር ካለ፣ ደብዳቤው ሳይላክ መውጣት ያለበት እሱ ነው።