አራት አልጋ፣ አንድ ነርስ

አንዲት ነርስ ጠዋት ሥራ ስትረከብ አራት ሕመምተኞች ይሰጧታል። የመጀመሪያው የኩላሊት ጠጠር ያለበት የ34 ዓመት ሰው ነው፤ ሕመሙን ከአሥር አሥር ይለዋል፣ አልጋው ላይ እየተገላበጠ ይጮኻል። ሁለተኛው ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ያለባቸው የ68 ዓመት አዛውንት ናቸው፤ በደቂቃ ሁለት ሊትር ኦክስጅን እየወሰዱ በደማቸው ያለው የኦክስጅን መጠን 90 በመቶ ነው፣ ሲያወጡ ከንፈራቸውን ሰብሰብ አድርገው ይተነፍሳሉ። ሦስተኛው ትናንት ማታ ደም ያስመለሰ ሰው ነው፤ ደም ተሰጥቶታል፣ አሁን የደም ግፊቱ 104/66፣ የልብ ምቱ 98 ነው። አራተኛዋ ከስድስት ሰዓት በፊት የእንቅርት ቀዶ ሕክምና የተደረገላት የ41 ዓመት ሴት ናት። የኦክስጅን መጠኗ 97 በመቶ ነው። ከአንድ ሰዓት ወዲህ ድምፅዋ እየጎረነነ መጥቷል፣ አንገቷ ላይ ያለው ፋሻ እንዳጠበቃት ትናገራለች፣ አንድ ቦታ መቀመጥ አልቻለችም። ነርሷ መጀመሪያ ማን ጋ ትሂድ?

በአሜሪካ በነርስነት ለመሥራት የኤንክሌክስን ፈተና የሚያጠኑ ኢትዮጵያውያን ይህን ዓይነት ጥያቄ በደንብ ያውቁታል። ከባድ የሚያደርገው አራቱም አማራጮች እውነተኛ ሕመም መያዛቸው ነው። ማንም ችላ የሚባል ሰው የለበትም፤ የሚጠየቀው ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው።

መመሪያው የታወቀ ነው፦ መጀመሪያ የአየር መተላለፊያ፣ ቀጥሎ አተነፋፈስ፣ ከዚያ የደም ዝውውር። ምክንያቱ ጊዜ ነው። የአየር መንገዱ ፈጽሞ የተዘጋ ሰው አንጎል በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ መጎዳት ይጀምራል። መንገዱ ክፍት ሆኖ ሳንባው የደከመ ሰው ብዙውን ጊዜ ከዚያ የበለጠ ጊዜ አለው። ብዙ ተማሪዎች የሚስቱት ግን ይህን ቅደም ተከተል የበሽታ ስሞች መደርደሪያ አድርገው ሲይዙት ነው። «የሳንባ በሽታ» የሚል ሲያዩ አተነፋፈስ ነው ብለው ወደዚያ ይሮጣሉ፤ «ደም» የሚል ሲያዩ ዝውውር ነው ይላሉ። መመሪያው የሚጠይቀው በዚህ ሰዓት የሚዘጋው ወይም የሚያቆመው የትኛው እንደሆነ ነው።

በዚህ ዓይን ከጮኸው ሰው እንጀምር። ጆሮ የሚጠራው ወደ እሱ ነው፤ የኩላሊት ጠጠር ሕመም ሰው ከሚያውቃቸው ሕመሞች እጅግ ከባዱ ውስጥ ይመደባል። ነገር ግን ጮኾ የሚናገር ሰው አየር እያስገባና እያስወጣ ነው፣ ራሱንም ያውቃል። የሕመም ማስታገሻው በቶሎ ሊሰጠው ይገባል፣ ያንን ደግሞ ሌላ ነርስ ልትሰጠው ትችላለች። ጥያቄው ላይ ትኩሳት ወይም የግፊት መውረድ ቢጨመር ኖሮ ነገሩ ይለወጥ ነበር፤ ከጠጠር በላይ የተጠራቀመ ሽንት ሲመረዝ ሕይወትን ያሰጋልና።

አዛውንቱ ከሁሉ የሚያሳስት አማራጭ ናቸው። 90 በመቶ ለጤነኛ ሰው አስደንጋጭ ቁጥር ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ የሳንባ በሽተኛ ግን ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ የሚፈልጉት ከ88 እስከ 92 በመቶ ነው። ከንፈር ሰብስቦ መተንፈሱም ቢሆን ትንንሾቹ የአየር ቱቦዎች ቶሎ እንዳይዘጉ የሚረዳ፣ ለሕመምተኞችም ሆን ተብሎ የሚሰጥ ትምህርት ነው። እሳቸው ዛሬ ያሉበት ሁኔታ ትናንት የነበሩበት ነው። እንቅልፍ እንቅልፍ ቢላቸው፣ ቢቀባጥሩ፣ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ቢያቅታቸው ግን በደማቸው የቃጠሎ አየር እየተጠራቀመ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ቅድሚያ ያገኙ ነበር።

ደም ያስመለሰው ሰው እንደገና ሊደማ ስለሚችል በእኔ ግምት ሁለተኛ የሚታየው እሱ ነው። አሁን ግን ግፊቱና የልብ ምቱ ይዘዋል።

የቀረችው ያልጮኸችው ሴት ናት፤ መልሱም እሷ ናት። ከእንቅርት ቀዶ ሕክምና በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት፣ ከተሰፋው ቁስል ሥር ደም ሊጠራቀም ይችላል። የተጠራቀመው ደም ቱቦውን ከውጭ ከመጫኑም በላይ ከማንቁርት የሚመለሰውን የደም ሥር ያፍናል፤ ማንቁርቱ ከውስጥ ያብጣል። አንገቷ ከውጭ ብዙም ያላበጠ መስሎ መንገዱ ሊጠብ የሚችለው ለዚህ ነው። የቱቦ ስፋት በግማሽ ሲቀንስ አየር ለማሳለፍ ያለው መቋቋም ቢያንስ 16 እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ እስከ አንድ ደረጃ ድረስ ደህና የመሰለች ሴት ከዚያ በኋላ በደቂቃዎች ልትታፈን ትችላለች።

97 በመቶ የሚለው ቁጥር ጥያቄው ውስጥ የገባው ለማዘናጋት ነው፤ በእውነተኛው ዋርድም ሰዎችን ያዘናጋል። ሕመምተኛዋ በኃይል እየሳበች አየር እስካስገባች ድረስ ቁጥሩ አይወርድም። ቁጥሩ የሚወርደው አቅሟ ሲያልቅ ነው። ቀድመው የሚናገሩት ምልክቶች ሌሎች ናቸው፦ የድምፅ መለወጥ፣ የመጠበብ ስሜት፣ መዋጥ ማቃት፣ እረፍት ማጣት። አየር ስትስብ የሲርታ ድምፅ ከተሰማ ጊዜው በጣም አጥሯል። ነርሷ ፋሻውን ከፊት ብቻ አታይም፤ ደም ወደ ታች ስለሚፈስ እጇን ከአንገቷ ጀርባ ታስገባለች። ቀና አድርጋ ታስቀምጣታለች፣ ኦክስጅን ትሰጣታለች፣ ቀዶ ሐኪሙንና የሰመመን ባለሙያውን በአስቸኳይ ታስጠራለች፣ ትታት አትወጣም። መንገዱ እየተዘጋ ከሆነ ስፌቱ እዚያው አልጋው ላይ ተፈትቶ ደሙ መውጣት አለበት፤ ለዚህ የሚሆነው ዕቃ ከአልጋዋ አጠገብ የሚቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው።

መልሱን የወሰነው አንዲት ቃል መሆኗን ልብ ይሏል፦ «እየጎረነነ መጥቷል»። ለሰመመን በጉሮሮ ገብቶ የነበረው ቱቦ ድምፅን ትንሽ ሊያጎረንን ይችላል፤ ጥያቄው «ከነቃች ጀምሮ ድምፅዋ ትንሽ ጎርናና ነው፣ አልተባባሰም፣ በደንብ ትውጣለች» ቢል ኖሮ የሚጠበቅ ነገር ስለሚሆን ደም ያስመለሰው ሰው ይቀድማት ነበር። በዚህ ምክንያት ተማሪ የተጻፈውን ብቻ ማንበብ አለበት። «ጠጠሩ ኩላሊቱን ቢያበላሸውስ?» እያለ ያልተጻፈ ነገር ከጨመረ አራቱም እኩል አጣዳፊ ይሆኑበታል።

ቅደም ተከተሉ የማይሠራባቸው ሁኔታዎችም አሉ። ልቡ ቀጥ ላለ አዋቂ የአሜሪካ የልብ ማኅበር ከ2010 ወዲህ የሚያዘው ደረት መጫንን ማስቀደም ነው። በአደጋ ከእግሩ ደም እየተንፎለፎለ ላለ ሰውም መጀመሪያ ደሙ ይታሰራል፤ በዚያ ፍጥነት ደም የሚፈሰው ሰው የአየር መንገዱ እስኪመረመር ድረስ ላይቆይ ይችላል።

አሁን ደግሞ ያንኑ ጥያቄ እናክብደው። ሴትዮዋ እንደተባለችው ሆና፣ ሦስተኛው ሰው እንደገና ደም አስመለሰ እንበል፤ ግፊቱ 82/50፣ የልብ ምቱ 132፣ እጁ ቀዝቅዞ ላብ አጥምቆታል። ሁለቱም በዚህ ሰዓት እየተባባሱ ነው። የፈተናው መልስ አሁንም ሴትዮዋ ናት፤ የእሷ ጊዜ በደቂቃ ነው የሚቆጠረው። በዋርዱ ግን ነርሷ ወደ እሷ እየሄደች ጮኻ ሰው ትጠራለች፤ የመጣችው ባልደረባ ሰውየውን በጎኑ አስተኝታ፣ በሁለቱም ክንዱ ወፍራም የደም ሥር መርፌ አስገብታ፣ ደም እንዲመጣለት ታዛለች።