መጽሐፉ ያልሳላት ሬዚስተር

በመማሪያ መጽሐፍ ላይ ኢንቴግሬተር ሲሳል በጣም ቀላል ነው። አንድ ኦፕ አምፕ፣ ከመግቢያው ወደ አሉታዊው እግር የምትገባ አንዲት ሬዚስተር፣ ከዚያው እግር ወደ መውጫው የሚመለስ አንድ ካፓሲተር። አዎንታዊው እግር ከግራውንድ ጋር ይታሰራል። ካሬ ሞገድ ይግባ፣ ሦስት ማዕዘን ሞገድ ይወጣል ይላል መጽሐፉ። ተማሪው ልክ እንደ ሥዕሉ በብሬድቦርድ ላይ ሲሠራው ግን ኦስሎስኮፑ የሚያሳየው ሌላ ነው። ሦስት ማዕዘኑ ከመሀል ሸሽቶ ጫፉ ተቆርጦ ይታያል። ካሬ ሞገዱ በ0 እና በ5 ቮልት መካከል የሚዘል ከሆነ ደግሞ ከስክሪኑ ግርጌ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ይቀራል። ቺፑ አልተቃጠለም፣ ሽቦውም አልተሳሳተም። ከሥዕሉ የጎደለ ነገር አለ።

የጎደለውን ለማየት መጀመሪያ ሰርኪዩቱ በትክክል ሲሠራ ምን እንደሚሆን እንከተል። ካሬ ሞገዳችን በሰከንድ 1000 ጊዜ የሚመላለስ፣ ከ1 ቮልት ወደ ‑1 ቮልት የሚዘል ይሁን። ሬዚስተሯ 10 ኪሎ ኦም፣ ካፓሲተሩ 10 ናኖፋራድ፣ ቺፑ ቲኤል 072፣ የኃይል ምንጩም 15 እና ‑15 ቮልት ይሁኑ። ኦፕ አምፑ አሉታዊ እግሩን ምንጊዜም 0 ቮልት ላይ ለማቆየት ስለሚታገል፣ በሬዚስተሯ ላይ ያለው ሙሉ 1 ቮልት ነው፤ በውስጧም 0.1 ሚሊአምፒር ያልፋል። ይህ ፍሰት ወደ ቺፑ አይገባም፤ መሄጃው ካፓሲተሩ ብቻ ነው። ቧንቧው እኩል በሆነ ፍጥነት የሚፈስበት ሮቶ ውስጥ ውሃው እኩል በሆነ ፍጥነት ከፍ እንደሚል ሁሉ፣ የካፓሲተሩ ቮልቴጅም በቀጥታ መስመር ይለወጣል። ልኩ በሚሊሰከንድ 10 ቮልት ነው። ካሬ ሞገዱ ግማሽ ሚሊሰከንድ ቆይቶ ስለሚገለበጥ መውጫው 5 ቮልት ወርዶ መልሶ 5 ቮልት ይወጣል። ግቤቱ አዎንታዊ ሲሆን የሚወርደው፣ አሉታዊ ሲሆን የሚወጣው ሰርኪዩቱ ምልክት ስለሚገለብጥ ነው።

እዚህ ላይ ወሳኙ የሬዚስተሯና የካፓሲተሩ ብዜት ነው። የእኛ 100 ማይክሮሰከንድ ነው፤ ከሞገዱ ግማሽ ዑደት አምስት እጥፍ ያንሳል፣ ስለዚህ መውጫው የግቤቱ 1 ቮልት አምስት እጥፍ ይወዛወዛል። ድግግሞሹን ወደ 100 ኸርዝ ብናወርድ ካፓሲተሩ ለመሙላት አሥር እጥፍ ጊዜ ያገኛል፣ ሰርኪዩቱም 50 ቮልት ሊያወጣ ይሞክራል። የኃይል ምንጩ ይህን ስለማይፈቅድ የሦስት ማዕዘኑ ጫፎች ጠፍጣፋ ይሆናሉ። እንዲህ ሲሆን መፍትሔው ካፓሲተሩን ማሳደግ ነው።

አሁን ወደ ጎደለው። ተራ ኦፕ አምፕ በሁለቱ እግሮቹ መካከል ጥቂት ሚሊቮልት ሊደርስ የሚችል የራሱ ጉድለት አለው። 3 ሚሊቮልት እንበል። ኢንቴግሬተሩ ይህችንም ልክ እንደ እውነተኛ ግቤት ይደምራታል፤ በሰከንድ 30 ቮልት ፍጥነት ማለት ነው። ግማሽ ሰከንድ ሳይሞላ መውጫው ከኃይል ምንጩ ጠርዝ ጋር ይላተማል። ፈውሱ ከካፓሲተሩ ጎን በትይዩ የምትታሰር 1 ሜጋ ኦም ሬዚስተር ናት። ጉድለቱ በእሷ በኩል ስለሚፈስ ወደ 0.3 ቮልት ገደማ ላይ ይቆማል፣ ሦስት ማዕዘኑም ወደ መሀል ይመለሳል።

ለምን 1 ሜጋ ኦም? ብናሳንሳት ጉድለቱ ይበልጥ ይቀንስ የለም ወይ? ይቀንሳል፤ ግን ቅርጹ ይበላሻል። 100 ኪሎ ኦም ብናደርጋት የሦስት ማዕዘኑ ክንድ በሚሊሰከንድ 12.4 ቮልት ጀምሮ በ7.6 ይጨርሳል፤ መጉበጡ በዓይን ይታያል። በ1 ሜጋ ኦም ከ10.25 ወደ 9.75 ብቻ ስለሚወርድ ቀጥ ያለ ይመስላል። ስለዚህ የጎበጠ ክንድ ካያችሁ ትይዩዋ ሬዚስተር ትንሽ መሆኗን ጠርጥሩ። ከ0 እስከ 5 ቮልት ለሚዘለው ሞገድ ግን ይህችም አትበቃም። በአማካይ 2.5 ቮልት ስለተሸከመ፣ መግቢያው ላይ 1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በተከታታይ ገብቶ ያንን አማካይ መከልከል አለበት።

ካሬው ቀርቶ ሦስት ማዕዘን ሞገድ ብናስገባስ? የሚወጣው ሳይን የሚመስል ለስላሳ ጉብታ ነው፤ ብዙ ሰውም ሳይን ነው ብሎ ያልፈዋል። በእርግጥ የፓራቦላ ቁራጮች የተቀጣጠሉበት ነው። ልዩነቱ በዓይን የማይታየው፣ ከዋናው ሦስት እጥፍ ድግግሞሽ ያለው ድብልቅ በካሬው ውስጥ የዋናው አንድ ሦስተኛ፣ በሦስት ማዕዘኑ አንድ ዘጠነኛ፣ እዚህ ደግሞ አንድ ሃያ ሰባተኛ ብቻ ስለሆነ ነው። ለብዙ ሥራ ይበቃል፤ ለድምፅ ጥራት መለኪያ ግን አይሆንም።

ሬዚስተሯንና ካፓሲተሩን ቦታ ብናለዋውጥ ዲፈረንሺየተር እናገኛለን። እሱ የሚያየው የግቤቱን መጠን ሳይሆን የሚለወጥበትን ፍጥነት ነው። ያንኑ 5 ቮልት የሚወዛወዝ ሦስት ማዕዘን፣ በእነዚያው 10 ኪሎ ኦምና 10 ናኖፋራድ ብናስገባው፣ በሚሊሰከንድ 10 ቮልት የሆነው ተዳፋት በ100 ማይክሮሰከንድ ተባዝቶ 1 ቮልት ይሆናል። ተዳፋቱ ሲገለበጥ ምልክቱም ይገለበጣል። በሁለት ጊዜ ግልበጣ የመጀመሪያው ካሬ ሞገድ በነበረበት ምልክትና መጠን ተመለሰ። ከኤሌክትሮኒክስ ቤተ ሙከራ ሥራዎች ሁሉ እኔን እንደዚህ የሚያስደስተኝ የለም፤ ሒሳቡ በስክሪን ላይ ሄዶ ሲመለስ ይታያልና።

ግን እዚህም መጽሐፉ አንዲት ሬዚስተር አስቀርቷል። የተመለሰው ካሬ ጠርዞቹ ላይ ይንቀጠቀጣል። ቲኤል 072 ከ3 ሜጋኸርዝ አቅሙ ጋር በእነዚህ ዕቃዎች በ70 ኪሎኸርዝ አካባቢ ይደውላል፤ በካሬው ጠርዝ ላይ በ14 ማይክሮሰከንድ ልዩነት የሚደጋገሙ ሞገዶች ካያችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው። ከካፓሲተሩ ፊት በተከታታይ 2.2 ኪሎ ኦም ሲገባ መንቀጥቀጡ ይሞታል፤ ዋጋው ጠርዙ በ22 ማይክሮሰከንድ መጠን ትንሽ መክበቡ ነው። ይህችው ሬዚስተር ካሬ ሞገድ ሲገባም ታድናለች። የካሬ ዝላይ ፍጥነት ወሰን የለውም ለማለት ይቻላል፣ ስለዚህ መውጫው በየዝላዩ ቀጭን እሾህ ነው። በ2 ቮልት ዝላይ የእሾሁ ቁመት 9 ቮልት አካባቢ ይሆንና ወዲያው ይሟሽሻል። በ1 ኪሎ ኦም ቢሆን 20 ቮልት ይጠይቅ ነበር፣ ጫፉም ይቆረጥ ነበር።

ካፓሲተሩን በሚመለከት ምርጫው ፊልም ነው፤ ፖሊፕሮፒሊን ቢገኝ ጥሩ፣ ፖሊስተርም ይሠራል። በገበያ ላይ ርካሹ ሴራሚክ ቮልቴጁ ከፍ ሲል አቅሙ ስለሚቀንስ የሦስት ማዕዘኑን ክንድ ያጎብጣል፤ የኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ደግሞ ዋልታ ስላለውና ስለሚያፈስ እዚህ ቦታ የለውም። ፊልሙም ቢሆን ብዙውን ጊዜ 10 በመቶ ስለሚዛነፍ ሦስት ማዕዘኑ በ5 ቮልት ፋንታ ከ4.5 እስከ 5.6 ሊሆን ይችላል። ካፓሲተር እየቀያየሩ ከመድከም የመግቢያዋን 10 ኪሎ ኦም በ8.2 ኪሎ ኦምና ከእሷ ጋር በተከታታይ በታሰረ 5 ኪሎ ኦም ተስተካካይ ሬዚስተር ተክቶ፣ ኦስሎስኮፑን እያዩ ከጫፍ እስከ ጫፍ 5 ቮልት እስኪሞላ ማዞር ይሻላል።