«ለቅዳሜ ሌሊት» ሲባል የትኛው ሌሊት ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ትኬት የሚቆርጥ ሰው ከደንበኛ በስልክ የሚሰማው ትእዛዝ ብዙውን ጊዜ አጭር ነው፤ «ለቅዳሜ ሌሊት 8 ሰዓት ዱባይ ያዥልኝ፤ በሁለተኛው ሳምንት እመለሳለሁ»። ትእዛዙ ግልጽ ይመስላል። ነገር ግን ትንሽ የተድበሰበሰ ነገር አለበት፣ ያቺ ትንሽ ነገር ደግሞ መንገደኛውን በረራ ልታስቀረው ትችላለች።

ቅዳሜ ጥር 16 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው እንበል፤ በውጭው አቆጣጠር ጃንዋሪ 24 ቀን 2026 ማለት ነው። በአገራችን አነጋገር ሌሊቱ የሚቆጠረው ካለፈው ቀን ጋር ነው። ስለዚህ «ቅዳሜ ሌሊት 8 ሰዓት» ያለ ሰው ቅዳሜ ውሎ፣ አምሽቶ ነው የሚሄደው። የአየር መንገድ ሰዓት ግን ቀኑን የሚቀይረው እኩለ ሌሊት ላይ ስለሆነ፣ ይህ ሰው የሚፈልገው በረራ ትኬቱ ላይ 25JAN 02:00 ተብሎ ይጻፋል፤ ቀኑ እሑድ ነው። ልጁ ከዱባይ ድረ ገጽ አይታ «ቅዳሜ 02:00 አለ» ብላ ነግራው ከሆነ ደግሞ የሚፈልገው 24JAN ነው፤ እኛ «ዓርብ ሌሊት፣ ለቅዳሜ አጥቢያ» የምንለው። ሁለቱም ሰዎች የሚናገሩት አንድ ዓይነት ቃል ነው።

እዚህ ላይ ትኬት ቆራጯ ሁለት መንገድ አላት፤ ወይ ትጠይቃለች፣ ወይ እንዲህ መስሎኛል ብላ አስታውቃ ሥራዋን ትቀጥላለች። ምርጫውን የሚወስነው የጥርጣሬው መጠን ብቻ አይደለም። ዘጠና በመቶ እርግጠኛ ብትሆንም፣ ስህተቱ የሚታወቀው ሊስተካከል በማይችልበት ሰዓት ከሆነ መጠየቅ አለባት።

በዚህ ሥራ ደግሞ ያ ሰዓት በግልጽ ይታወቃል። ቦታ መያዝና ትኬት መቁረጥ የተለያዩ ናቸው። ቦታ ሲያዝ፣ አየር መንገዱ የሰጠው የመቁረጫ ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ፣ ቀኑን መለወጥ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ አያስወጣም። ትኬቱ ከተቆረጠ በኋላ ግን እንደ ዋጋው ዓይነት ቅጣት ይመጣል። ከሁሉ የሚከፋው መንገደኛው ሳይመጣ ሲቀር ነው፤ 24JAN የሚል ትኬት ይዞ ቅዳሜ ማታ ኤርፖርት የደረሰ ሰው በረራው ከሄደ ሃያ ሰዓት ያህል ሆኖታል፣ ብዙ አየር መንገዶች ደግሞ የመሄጃው ሲቀር የመመለሻውንም ይሰርዙታል።

ስለዚህ ጎበዝ ትኬት ቆራጭ ሥራውን አታቆምም። ለሚመስላት ቀን ቦታ ትይዝና ወዲያው መልእክት ትልካለች፦ «ቅዳሜ ማታ ከቤት ወጥተው፣ ለእሑድ አጥቢያ ሌሊት 8 ሰዓት የሚነሳውን ይዣለሁ። ትኬቱን ከመቁረጤ በፊት እደውላለሁ።» ግምቱ የተነገረው በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነው። ከዋጋው፣ ከሻንጣው ክብደትና ከባንክ ሒሳብ ቁጥሩ በታች የተቀበረ ግምት እንደተነገረ አይቆጠርም፤ ማንም አያነበውም።

ስልኩ ላይ ያለው ጥያቄም ጥበብ ይፈልጋል። በተለይ ደንበኛዋ በዕድሜ የገፉ እናት ከሆኑ፣ «ቀኑ ትክክል ነው?» ብሎ መጠየቅ ምንም አይጠቅም። ላለማስቸገር «እሺ ልጄ፣ እንዳልሽ» ይላሉ፤ ያ ደግሞ ማረጋገጫ ሳይሆን ትሕትና ነው። «እማማ፣ ኤርፖርት የሚሄዱት ዓርብ ማታ ነው ወይስ ቅዳሜ ማታ?» ሲባሉ ግን ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንባቸዋል። ጥያቄው የተሠራው በእሳቸው ኑሮ ነው፤ መንገደኛ ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀድሞ ይድረስ ስለሚባል፣ እሳቸው የሚያስታውሱት የሚነሱበትን ሳይሆን ልጆቻቸው የሚሸኙበትን ምሽት ነው።

የቀሩት ነገሮች በአብዛኛው ጥያቄ አያስፈልጋቸውም። ማዕረጉን ያልጠቀሰ ሰው ኢኮኖሚ እንደሚፈልግ መገመት፣ ወንበሩን በመስኮት በኩል ማድረግ፣ ይህንኑም በአንድ መስመር ማሳወቅ ይበቃል። የመመለሻው ቀንም፣ ለውጥ የሚፈቅድ ትኬት ከሆነ፣ በግምት ሊያዝና ሊነገር ይችላል። ስም ግን ፈጽሞ አይገመትም። አንዱ የአማርኛ ስም በላቲን ፊደል በሦስት በአራት ዓይነት ይጻፋልና፣ የፓስፖርቱን ፎቶ ማስላክ ይሻላል።

ሁሉንም መጠየቅም የራሱ ጉዳት አለው። አምስት ጥያቄ በአንድ ጊዜ የተላከለት ደንበኛ የሚቀልለውን ሁለቱን ይመልስና የቀረውን ይተወዋል፤ ከተተዉት መካከል ደግሞ ዋናው የጉዞው ቀን ሊሆን ይችላል። ይህን እየጻፉለት ያለው መንገደኛም የራሱ ድርሻ አለው፦ የሌሊት በረራ ስታዙ ከቤት የምትወጡበትን ምሽት ጨምራችሁ ተናገሩ፤ ትኬቱ እጃችሁ ሲገባም ቀኑን ከዚያ ምሽት ጋር አስተያዩ።