ያልተቋረጠ መድኃኒት ለምን ይጎድላል? የታይሮይድ ክኒን፣ ብረትና የአራት ሰዓት ልዩነት

በኦሃዮ ግዛት ዋና ከተማ በኮሎምበስ፣ እንደ ሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ሁሉ፣ ሌቮታይሮክሲን የተባለው የታይሮይድ መድኃኒት የሚገኘው በሐኪም ማዘዣ ነው። የብረትና የካልሲየም ክኒኖች ግን በዚያው መድኃኒት ቤት ማንም ሰው ከመደርደሪያ አንሥቶ የሚገዛቸው ናቸው። ይህ ልዩነት አንድ መዘዝ አለው። የመድኃኒት ቤቱ ኮምፒውተር እርስ በርስ የማይስማሙ መድኃኒቶችን የሚጠቁመው በታማሚው መዝገብ ላይ የሰፈሩትን አነጻጽሮ ነው፤ ከመደርደሪያ የተነሣውን የብረት ክኒን አያየውም። ሐኪሙም ካልተነገረው ሊያውቅ አይችልም። በዚህ ክፍተት ምክንያት አንዲት ታማሚ ክኒኗን አንድም ቀን ሳታቋርጥ መድኃኒቱ ሊጎድልባት ይችላል።

ሌቮታይሮክሲን በአንገት ፊት ለፊት የሚገኘው የታይሮይድ ዕጢ ሊያመነጭ ያልቻለውን ሆርሞን የሚተካ መድኃኒት ነው። መጠኑ እጅግ ጥቂት በመሆኑ በማይክሮግራም ይለካል። አንድ ክኒን ለምሳሌ 100 ማይክሮግራም፣ ማለትም የአንድ ግራም አንድ ዐሥር ሺሕኛ ብቻ ይይዛል። ክኒኑ በጨጓራ አሲድ ከሟሟ በኋላ ወደ ደም የሚሰርገው በትንሹ አንጀት በኩል ነው። በባዶ ሆድ ሲወሰድ እንኳ ወደ ደም የሚገባው ከ60 እስከ 80 በመቶው ነው። ምግብ ሲኖር ይህ ድርሻ ይቀንሳል፤ ቡናም ይቀንሰዋል። ስለዚህ ክኒኑ በውኃ ብቻ ተወስዶ፣ ከቁርስና ከቡና በፊት ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት መጠበቅ ይመከራል።

የብረትና የካልሲየም ችግር ከምግብ ይለያል። ሁለቱም አንጀት ውስጥ ከሆርሞኑ ጋር ይጣበቃሉ፤ የተጣበቀው ሆርሞን በአንጀት ግድግዳ አልፎ ወደ ደም ሊገባ ስለማይችል ከሰገራ ጋር ይወጣል። በ1992 የታተመ አንድ ጥናት፣ በቤተ ሙከራ ሆርሞኑንና ፌረስ ሰልፌት የተባለውን የብረት ዓይነት ሲቀላቅላቸው ሐምራዊ ቀለም ያለው፣ በቀላሉ የማይሟሟ ውሕድ ተፈጥሮ ተገኝቷል። በዚሁ ጥናት 14 ታማሚዎች ለ12 ሳምንታት ሁለቱን አብረው ወሰዱ። ቲኤስኤች የተባለው የደም ምርመራ ውጤታቸውም በአማካይ ከ1.6 ወደ 5.4 ከፍ አለ። በ2000 በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ 20 ታማሚዎች ከመድኃኒቱ ጋር ካልሲየም ካርቦኔት ለሦስት ወራት ሲወስዱ አማካዩ ከ1.6 ወደ 2.7 ወጣ፤ ካልሲየሙ ሲቆም ወደ 1.4 ተመለሰ።

ቲኤስኤች ራሱ ከታይሮይድ ዕጢ የሚመነጭ አይደለም። አንጎል ሥር የምትገኘው ፒቱታሪ ዕጢ “ሆርሞን ጨምር” ብላ የምትልከው መልእክት ነው። ስለዚህ በደም ውስጥ ያለው የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ቲኤስኤች ይጨምራል፤ ሆርሞኑ ሲበዛ ይወርዳል። ለአዋቂዎች የተለመደው ልክ በግምት ከ0.4 እስከ 4 ነው፤ እንደ ላቦራቶሪው ጥቂት ሊለያይ ይችላል።

ነገሩ በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት፣ በኮሎምበስ ዙሪያ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ሌሊት የምትሠራ አንዲት ኢትዮጵያዊት እናስብ። ታሪኩ ለማስረጃ የተዘጋጀ ምሳሌ ነው። በየቀኑ 100 ማይክሮግራም ትወስዳለች፤ ቲኤስኤችዋም 2 ነው። ደም ማነስ እንዳለባት ስታውቅ የብረት ክኒን ገዝታ፣ እንዳትረሳው በማለት ከታይሮይዱ ክኒን ጋር አብራ መዋጥ ጀመረች። ከሦስት ወራት በኋላ ድካም፣ የብርድ ስሜትና የሆድ ድርቀት በረቱባት። ድካሙን ለደም ማነሱ፣ ድርቀቱን ለብረቱ ሰጠችው። ምርመራው ግን ቲኤስኤች 9 መድረሱን አሳየ። ሐኪሙ “መድኃኒቱን በየቀኑ ትወስጃለሽ?” ብሎ ጠየቃት። “አዎ” አለች፤ እውነቷን ነው። መጠኑ ወደ 125 ከፍ አለ፤ ከሁለት ወር በኋላ ቲኤስኤች 3 ሆነ፤ ሁሉም የተስተካከለ መሰለ።

እውነተኛው አደጋ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የደም ማነሱ ሲድን ብረቱን አቆመች። አሁን 125ቱን የሚያግድ ነገር ስለሌለ ከሚያስፈልጋት በላይ ሆርሞን ወደ ደሟ መግባት ጀመረ። ከሳምንታት በኋላ ልቧ በኃይል ይመታ፣ እንቅልፍ ይነሣት፣ እጇም ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ቲኤስኤች 0.05 ሆነ። እንዲህ ያለው ብዛት ሳይታወቅ ሲቆይ የልብ ምትን ሊያዛባና አጥንትን ሊያሳሳ ይችላል። መጀመሪያውኑ መለወጥ የነበረበት የክኒኑ መጠን ሳይሆን የብረቱ ሰዓት ነበር። ለዚህም “ትወስጃለሽ?” ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ “ከምን ጋር?” የሚለው መከተል ነበረበት።

መፍትሔው በሁለቱ መካከል ቢያንስ አራት ሰዓት መለየት ነው። ሌሊት ለሚሠራ ሰው “ጠዋት” የሚለው መመሪያ ትርጉም ላይኖረው ስለሚችል፣ ሰዓቱን ከእንቅልፍ መነሣት ጋር ማያያዝ ይሻላል። ይህች ሴት ከቀኑ 9 ሰዓት ከእንቅልፏ ስትነሣ የታይሮይዱን ክኒን በውኃ ትውጣለች፤ 10 ሰዓት ላይ ትበላለች፣ ቡናዋንም ትጠጣለች፤ ብረቱን ከምሽቱ 2 ሰዓት በሥራ እረፍቷ ትወስዳለች። አምስት ሰዓት ተለያዩ ማለት ነው። ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጡ ቫይታሚኖችና ብዙዎቹ የባለብዙ ቫይታሚን ክኒኖችም ብረት ወይም ካልሲየም ስለሚይዙ፣ ጀርባቸው ላይ ያለውን ዝርዝር አንብቦ በዚሁ ሕግ ማስተዳደር ይገባል።

ለውጥ ከተደረገ በኋላ ደም መመርመር የሚገባው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ነው። ምክንያቱም በደም ውስጥ ያለው ሆርሞን በግማሽ ለመቀነስ ሰባት ቀን ያህል ይፈጅበታል። ከአንድ ሳምንት በኋላ የለውጡ ግማሽ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሦስት አራተኛው ይታያል፤ ወደ ሙሉው የሚቀርበው በስድስተኛው ሳምንት ገደማ ነው። ከዚያ በፊት የተለካ ቁጥር ገና በመለወጥ ላይ ያለ ቁጥር ነው። ነፍሰ ጡር ግን ይህን ያህል አትጠብቅም፤ የሆርሞን ፍላጎቷ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ ስለሚጨምር ማርገዟን እንዳወቀች ለሐኪሟ መንገር አለባት።

ይኸው ስሌት ለጾመኞች የተለየ ትርጉም አለው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ማለትም ስምንት ሳምንት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። በፋሲካ ዋዜማ የተሰጠ ደም የሚያሳየው በጾሙ ወራት የነበረውን አወሳሰድ ነው። በጾሙ የአኩሪ አተር ወተት ተጨምሮ፣ ወይም ክኒኑ ከመጀመሪያው ማዕድ ጋር ተወስዶ ከነበረ ቲኤስኤች ከፍ ሊል ይችላል፤ ከፋሲካ በኋላ አወሳሰዱ ሲመለስ ደግሞ ይወርዳል። መጠኑ እንዳይሳሳት ሐኪሙ ጾሙን ማወቅ አለበት። ክኒኑን ከመኝታ በፊት፣ ከመጨረሻው ምግብ ሦስት ሰዓት ቆይቶ መውሰድም ይቻላል፤ በኔዘርላንድስ ተካሂዶ በ2010 የታተመ ጥናት የመኝታ ሰዓቱ ከጠዋቱ እንደማያንስ አሳይቷል። ይህ ለረመዳን ጾመኞችም ያገለግላል።

ሰዓቱ ሁሉ ተጠብቆ ቲኤስኤች ከፍ ብሎ ከቆየ ምክንያቱ ጨጓራ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ክኒኑ ለመሟሟት አሲድ ስለሚሻ፣ የጨጓራ ባክቴሪያ ወይም እንደ ኦሜፕራዞል ያለ አሲድ ቀናሽ መድኃኒት ሊያጎድለው ይችላል። ይህን የሚለየው ሐኪም ነው፤ መጠኑንም በራስ ፈቃድ መጨመር ወይም መቀነስ አይገባም። ታማሚው ወደ ሐኪም ሲሄድ ይዞት የሚሄደው ምርጥ መረጃ፣ የሚውጣቸው ነገሮች ሁሉ ከመደርደሪያ የተገዙትን ጨምሮ ከነሰዓታቸው የተጻፉበት አንድ ወረቀት ነው።