የቡና አተላ ለጓሮ አትክልት ይበጃል ወይስ ይጎዳል?

ከበረካ በኋላ ጀበና ውስጥ የሚቀረው አተላ ናይትሮጅን ስላለው ብዙዎች እንደ ማዳበሪያ ተክል ሥር ይደፉታል። ነገር ግን ሳይብላላ አፈር ላይ ሲደረግ ከጥቅሙ ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል።

በአውስትራሊያ ሜልበርን የሚገኙ ተመራማሪዎች በአውሮፓውያኑ 2016 ያሳተሙት ጥናት ይህንን አሳይቷል። ያልተብላላ አተላ በተቀላቀለበት አፈር የተተከሉት ብሮኮሊ እና ሱፍን የመሳሰሉ ዕፅዋት እድገታቸው ቀጭጯል። ተጨማሪ ማዳበሪያ ማድረግም ችግሩን አልፈታውም። በአንጻሩ አፈሩ ውሃ የመያዝ አቅሙ ጨምሯል፤ አረምም ቀንሷል።

ከዚህ በተጨማሪ ደቃቅ አተላ በወፍራሙ ሲደፋ ደርቆ እንደ ቅርፊት ስለሚጋገር ውሃ ወደ ሥር እንዳይሰርግ ያግዳል።

መፍትሔው አተላውን ከኮምፖስት ጋር ማብላላት ነው። ከአምስት ባልዲ ውስጥ አተላው ከአንዱ መብለጥ የለበትም፤ ቀሪው ደረቅ ቅጠል፣ ሣርና የአትክልት ልጣጭ ይሆናል። ክምሩ እርጥበቱ ሳይጠፋ አልፎ አልፎ ይገላበጣል። ሙቀቱ ሲበርድ፣ የአፈር ሽታ ሲኖረው እና አተላውን ከሌላው መለየት ሲያዳግት ለተክል ደርሷል ማለት ነው።

አተላው የማቀዝቀዣን መጥፎ ሽታ ለመቀነስም ያገለግላል። ሆኖም በቅድሚያ ፀሐይ ላይ በደንብ መድረቅ አለበት፤ እርጥብ ከሆነ ይሻግታል።

የሽንኩርት ሽታ የያዘ እጅንም በአተላ ማሸት ይቻላል። ለስስ የፊት ቆዳ ግን ሻካራ ነው። እጅ ከታሸ በኋላም አተላው የፍሳሽ ቱቦን ስለሚደፍን ወደ ቆሻሻ መጣያ መራገፍ ይኖርበታል።